ከፊቱ ቆሜ እኔ መሆኔን አስረጂ ተባልኩ

አሁን ነው የገባሁት፤ ጫማዬን እንኳን አላወለቅሁም። ሊጡ ኩፍ ብሎ ከባልዲው እየፈሰሰ ነው። ይፍሰስ። ዛሬ ካልተነፈስኩ እኔም እንደ ሊጡ መገንፈሌ ነው።

ለፋይዳ መታወቂያ ስሄድ ይህ ሦስተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሳልተርክላችሁ ግን አልቀጥልም። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ልጅ ታናሽ ወንድሜን አያክልም፤ «አንቺ» ሲለኝ ግን አብሮ አደጌ ይመስላል።

«ማስረጃ።»
«የለኝም።»
«የቀበሌ መታወቂያ?»
«የለኝም።»
«ፓስፖርት?» (ፓስፖርት! ወፍጮ ቤት ደርሼ ለምመለሰው?)
«መንጃ ፈቃድ?»
«ወንድሜ፣ መታወቂያ የሌለው ሰው መንጃ ፈቃድ ከየት ያመጣል?»
ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል «ታዲያ አንቺ፣ አንቺ መሆንሽን በምን እናውቃለን?» አለኝ።
«ማን ነሽ በሉኛ!»
«እሱማ ማንም ይናገራል።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ። ንዴቱ የመጣው ታክሲ ውስጥ ነው፤ አንጀቴ ሲቃጠል ሁለት ፌርማታ አልፌ ወረድኩ።

የልደት ሰርተፍኬትም ጠይቆኝ ነበር። ልጄ፣ አገሩ ልደት በወጉ መመዝገብ የጀመረው በ2008 ነው፤ እኔ ያኔ የሰው ልጆች አሳድጌ ጨርሻለሁ። የቀበሌ መታወቂያ ልታወጪ ስትሄጂ መሸኛ አምጪ ትባያለሽ። መሸኛ ፍለጋ ትውልድ ቀበሌዬ ድረስ በአውቶቡስ ሄጄ «በልጅነትሽ ወጥተሻል፣ መዝገብ ላይ የለሽም» ተብያለሁ። አዲስ አበባ ደግሞ በ12 ዓመቴ ከገባሁበት ቤት ጀምሮ በማንም የቤት ፎርም ላይ ስሜ ሰፍሮ አያውቅም። ሠራተኛን ማን ያስመዘግባል? የምጣዱ ቁጥር ቢጠየቅ ኖሮ ምጣዱ ይመዘገብ ነበር።

መፍትሔውን የነገረኝ መስኮቱ እንዳይመስላችሁ። ሰልፍ ላይ ሕፃን ያዘለች ሴት ናት። ማስረጃ የሌለው ሰው በምስክር ይመዘገባል፤ ምስክሩ ግን ራሱ ፋይዳ ያለው ሆኖ በአካል መምጣት አለበት። ይህን ልጁ አንድ አፍ ቢናገር ምን ይጎድልበት ነበር?

አከራዬን ለመንኩ። «ነገ ቤቱ የእኔ ነው ብትይስ?» አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት ኪራይ የከፈልኩ ሰው! ሁለተኛ ቀን የእድራችንን ሊቀ መንበር ይዤ ሄድኩ፤ ካፖርት ለብሰው፣ ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ ይዘው። ለካ እሳቸውም ፋይዳ የላቸውም። «እኔን የማያውቅ አለ?» ብለው ጥበቃውን ሊማቱት ነበር። ተመለስን።

ዛሬ ማን መሰከረልኝ? በጀርባዬ ያሳደግኳት የቀድሞ አሠሪዬ ልጅ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ፓስፖርቱም ፋይዳውም አላት። «ከመቼ ጀምሮ ታውቂያታለሽ?» ሲላት «ከተወለድኩ ጀምሮ» አለች። እሷ አፏን ሳትፈታ እኔ ነበርኩ፤ መኖሬ የታመነው ግን እሷ ስትናገር ነው። ይሁን።

የልደት ቀን ተጠየቅሁ። እናቴ የምትለው «ደርግ በወደቀ በዓመቱ፣ በፍልሰታ» ነው። ልጁ አሰበና ነሐሴ 1 ቀን 1984 ብሎ መታው። ለመጀመሪያ ጊዜ ልደት አለኝ ማለት ነው፤ ለዚያውም የጾም መግቢያ፣ ኬክ የማይቆረስበት።

ከዚያ አሻራ። የግራ አራቱ፣ የቀኝ አራቱ፣ ከዚያ ሁለቱ አውራ ጣቶች። ማሽኑ እንቢ አለ። «ጥረጊው» ይለኛል። የምን መጥረግ! ሃያ ዓመት እሳትና በረኪና የበላው ጣት ነው፤ መስመሩ ተፍቆ አልቋል። ስድስት ጊዜ አስጫነኝ። ልጅቷ ከቦርሳዋ ቅባት አውጥታ ጣቶቼን አንድ በአንድ አሸችልኝ፤ ያኔ ያዘ። የዓይን ብሌኔን ሲያነሳ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ነበር፤ «አትርገብግቢ» አለኝ።

ይህ ሁሉ ለምን? አዲስ አበባ ውስጥ ከታኅሣሥ 2017 ወዲህ ያለ ፋይዳ አዲስ የባንክ ሒሳብ አይከፈትም። አንድ ሆቴል እንጀራ በቋሚነት ሊወስድ ተስማምቶ «ክፍያው በባንክ ነው» አለኝ። ገንዘቤ እስከ ዛሬ የሚቀመጠው በሰው ሒሳብ ነው፤ ባለፈው ዓመት «ተበድሬው ነው» የተባልኩትን አላነሳም።

አሁን በእጄ ያለው ወረቀት ነው፤ 29 አኃዝ ተደርድሮበታል። ደስ ብሎኝ ፋይዳዬ መስሎኝ ነበር። የመመዝገቢያ ቁጥር ነው አሉኝ፤ ዋናው የፋይዳ ቁጥር በስልክ መልእክት ይመጣል፣ ጠብቂ። መቼ? «ይመጣል።»

ይኸው ስልኩ ጮኸ፤ በጫማዬ እንዳለሁ ዘልዬ አነሣሁት። ደንበኛዬ ናት። ለነገ ጠዋት ሠላሳ እንጀራ።