የድርቆሹ ክምርና የዳኛው ሚዛን

«እናንተ አገር ዳኛ ሰውን የሚመዝነው በሌለ ሰው ነው አሉ፤ እንዴት ነው ነገሩ?» አለኝ ደብረ ማርቆስ ያለ የአክስቴ ልጅ።

የነገሩ መነሻ የድርቆሽ ክምር ነው። ጎጃም ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሳር በደንብ ሳይደርቅ ከተከመረ ውስጡ እየጋለ ይሄዳል፣ ይሸታል፣ ይተናል፣ ብሶበት ከዋለ ደግሞ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ራሱ ይነድዳል። እዚህ እንግሊዝ ውስጥ ሜንላቭ የሚባል ሰው እንዲህ ያለ ክምር ከጎረቤቱ ከቮን ጎጆዎች አጠገብ ድንበሩ ላይ ሠራ። «ይነድብሃል፣ አንሳው» እያሉ ለሳምንታት ነገሩት። እሱ «የመጣው ይምጣ» አለና መሀሉ ላይ የጭስ መውጫ ዓይነት ቀዳዳ አበጀለት። ክምሩ ነደደ፤ እሳቱ በራሱ በረት በኩል አልፎ የጎረቤቱን ጎጆዎች በላ።

ጠበቆቹ ምን አሉ? ደንበኛችን በቅን ልቡና፣ አእምሮው እስከፈቀደለት ድረስ አስቧል፤ አስተዋይ ሆኖ አለመፈጠሩ ጥፋት አይሆንበትም አሉ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1837 ይህን አልተቀበለም። በየሰው ግምት እንለካ ካልን ልኩ እንደየሰው እግር ርዝመት ይለያያል፤ ስለዚህ የምንጠይቀው ተራ ጥንቃቄ ያለው ሰው በሱ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር ነው አለ። የአክስቴ ልጅ «የሌለ ሰው» ያለው ይህን በሐሳብ ብቻ ያለ ሰው ነው።

ለኔ ይህ ትክክል ነው። ቮን የጎረቤቱን አእምሮ መርጦ አልተጎራበተም። ጎጆው የተቃጠለበት ሰው «ያቃጠለህ ሞኝ ነውና ቻለው» ቢባል፣ የሞኝነቱን ዕዳ የሚከፍለው ምንም ያላጠፋው ሰው ሆነ ማለት ነው። ሽማግሌ ቢቀመጥም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ሳሩ ደርቆ ነበር ወይ? ከቤቱ ምን ያህል ይርቃል? ነግረውት ነበር? ማንሳቱስ ምን ያህል ይከብድ ነበር? በልቡ ምን አሰበ የሚለውን ማንም ገብቶ አያይም፤ እነዚህን ግን ምስክር ይነግራል።

ደግሞ «እናንተ አገር» የሚባል ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የኛው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2030 ጥፋትን የሚለካው በአስተዋይ ሰው ጠባይ ነው። እንዲያውም የኛ ይበልጥ ጥብቅ ነው። እዚህ ልጅን የሚመዝኑት በእኩያው ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሁለት የ15 ዓመት ተማሪዎች በፕላስቲክ ማስመሪያ እንደ ሰይፍ ሲጫወቱ ማስመሪያው ተሰብሮ የአንዷን ዓይን ጎዳ፤ ይግባኝ ሰሚው በዚያ ዕድሜ ያለች ተራ ልጅ ይህን አደጋ አስቀድማ አታስበውም ብሎ ሌላዋን ነፃ አወጣት። የኛ ሕግ ግን ሌላ ድንጋጌ ከሌለ ጥፋት መኖሩን ሲመዝን ዕድሜንም የአእምሮ ሁኔታንም አያይም። የሚራራው በኋላ፣ ካሳው ላይ ነው፤ ሰውየው የሥራውን ጥፋትነት ማወቅ የማይችል ከነበረና ርትዕ ካስገደደ ዳኛው በቁጥር 2099 ካሳውን ሊቀንስለት ይችላል። እኔ የኛውን እመርጣለሁ፤ ጉዳተኛው ባዶ እጁን አይሄድም፣ ያላወቀውም ከአቅሙ በላይ አይሸከምም።