የአክስታችሁን ቁጥር ማን ስጡ አላችሁ?

ወገኖቼ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን «እስማማለሁ» የምትለውን ቁልፍ የምንጫንበት ፍጥነት ያስደነግጠኛል። በተለይ መተግበሪያው ገንዘብ አበዳሪ ሲሆን። ጥቂት ብር ቶሎ ለማግኘት ብለን የሰው ስልክ ቁጥር አሳልፈን እየሰጠን ነው።

ውሉን በሙሉ ማንበብ ካቃታችሁ እንኳ ትርጓሜ የሚለውን ክፍል አትዝለሉት። ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ውሉ መሃል ላይ «የግል መረጃዎን ብድሩን ለመስጠትና ለማስመለስ እንጠቀማለን» ይላል እንበል። ይህ ማንን ይከፋዋል? ስምና መታወቂያ ብቻ ይመስላችኋል። ትርጓሜው ላይ ግን «የግል መረጃ በስልኩ የተመዘገቡ ቁጥሮችንና አጭር መልእክቶችን ይጨምራል» የሚል ታገኛላችሁ። ሁለቱን አጋጥማችሁ አንብቡ። ክፍያ ካዘገያችሁ ለአክስታችሁ፣ ለአለቃችሁ፣ ለእቁብ ሰብሳቢያችሁ ሊደውሉ ፈቅዳችኋል። ከባንክ የሚላክላችሁን መልእክት አንብበው ቀሪ ሂሳባችሁን ማወቅም ይችላሉ። ከዚያ «ተባባሪ ድርጅቶች» የሚለውን ፈልጉ። ስማቸው ካልተዘረዘረ ቁጥሩ እነማን ዘንድ እንደሚደርስ አታውቁም።

አክስታችሁ ምን አጠፉ? እሳቸው በምንም አልተስማሙም። በእሳቸው ስም የመስማማት መብትም የላችሁም። ደውለው «ክፈሉ» ቢሏቸው ዕዳ የለባቸውም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ ካልተሰጠ በግምት እንደማይኖር ይናገራል። ግን አለቃችሁ ፊት የሚደርስባችሁን እፍረት የትኛው አንቀጽ ያነሳላችኋል?

ጉግል ከግንቦት 2015 ጀምሮ በፕሌይ ስቶር ያሉ የግል ብድር መተግበሪያዎች የስልክ ማውጫንና ፎቶን እንዳይነኩ ከልክሏል። በቴሌግራም ተልኮላችሁ የምትጭኑት ፋይል ግን በዚያ ቁጥጥር አያልፍም። እባካችሁ፣ ጓደኛ ስለላከው ብቻ አትጫኑ።

ከጫናችሁም በስልኩ ሴቲንግ ገብታችሁ የመተግበሪያውን ፈቃዶች ተመልከቱ። የስልክ ማውጫና የመልእክት ፈቃዱን ዝጉ። «ካልፈቀድክ ብድር የለም» ካላችሁ ሌላ አበዳሪ ፈልጉ። ብድር ለመስጠት የአክስት ቁጥር ምን ያደርጋል?

ቀድማችሁ ፈቅዳችሁ ከሆነ መዝጋቱ ከዚህ በኋላ ያለውን ብቻ ነው የሚያስቆመው። የተወሰደው ዝርዝር እነሱ ዘንድ አለ። ስለዚህ ፈቃዳችሁን ማንሳታችሁንና ቁጥሮቹ እንዲጠፉ መፈለጋችሁን በጽሑፍ አሳውቋቸው። የላካችሁበትን ቀንና ቅጂውን ያዙ። እምቢ ካሉ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት አቤቱታውን የሚያየው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው፤ ቅጂውን ይዛችሁ ወደዚያ ሂዱ።