ቶናውን ሳልጠጣ

«ጋሼ፣ አባዬና እማዬ 40 ዓመታቸውን ሊያከብሩ ነው። አባዬ ምን ብሎ ቃል ኪዳኑን ያድስ? አንተ ውጭ አገር አይተሃል።» ጠያቂዋ እህቴ ናት።

አዎ፣ አይቻለሁ። እኔ ባለሁበት ሜሪላንድ ባልና ሚስት ከብዙ ዓመት በኋላ ቃላቸውን ያድሳሉ። ጋብቻው የጸና ስለሆነ አዲስ ፊርማ አይጠየቅም። የሚሉትንም ራሳቸው ይጽፋሉ። አንድ ጎረቤቴ ሚስቱን ዓይን ዓይኗን እያየ አመሰገናት። በረዶ በጣለ ቁጥር ቀድማው ተነስታ መኪናውን ስለምታሞቅለት ነው። እኛ ቤት እንዲህ ተባብለን አናውቅም። አባዬ ስለ እማዬ ደግ ነገር የሚያወራው ለእንግዳ ነው። «እሷ ባትኖር ኖሮ» ይላል፤ እሷ ጓዳ ሆና ትሰማለች።

ጥር ላይ አዲስ አበባ ገባሁ። የንስሐ አባታቸው ተክሊል እንደማይደገም አስቀድመው ነግረዋቸዋል። ስለዚህ ጸሎትና ምስጋና ብቻ ሊሆን ነው፣ አራት ኪሎ እህቴ ቤት። የነሱ ቤት ፒያሳ ነበር፤ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ሄደ።

አባዬ የጻፈውን አነበበልኝ። «ላለፉት 40 ዓመታት በደስታም በመከራም» ብሎ ጀምሮ ሁለት ገጽ ሞልቶታል። ማንም ባል ለማንም ሚስት ሊያነበው ይችላል። መሃል ላይ ደግሞ «ሥራ ፈትቼ ስጠጣ ስለታገስሽኝ» የሚል አለበት። ይሄን ሰው ፊት ብትለው እሷን ነው የምታሳቅቃት፣ ለብቻዋ ንገራት አልኩት። ከዚያ ወረቀቱን አስቀመጥንና «ትናንት ምን አደረገችልህ?» ብዬ ጠየቅኩት። ብዙ ዝም አለ። በመጨረሻ ስለ ቡና ነገረኝ።

በዕለቱ ቆሞ ያለው ይሄን ብቻ ነው፦

«በ1977 የሠርጋችን ዕለት ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ብለን እንግዳውን በጊዜ ሸኘን። ያን ማታ ሲኒውን ሁለታችን አጠብን። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን በምናመጣበት ጊዜ ለኔ ጨምረሽ ያንቺን መራራውን ትጠጪ ነበር። ኋላ ስኳር እንደ ልብ ሆነ፤ አንቺ ግን በመራራው ቀረሽ። እኔ አቦሉን ጠጥቼ ስሮጥ፣ ቶናውን እስክመለስ ጀበናውን ፍም ዳር ታቆዪልኛለሽ። እግዜር ይስጥልኝ። ከእንግዲህ ቶናውን ሳልጠጣ አልወጣም።»

አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። «እስከ ሞት» የሚለውን በ1977 ብሎታል። አሁን የጨመረው እማዬ ነገ ጠዋት በዓይኗ የምታየውን ነው። የጎረቤቴም ምስጋና እስከ ዛሬ የማልረሳው ለዚህ ይመስለኛል፤ መኪናው በር ላይ ቆሞ ነበር።

እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ እኔ ግን አጠገባቸው ነበርኩ፦

«የስኳሩን ነገር ታውቅ ነበር እንዴ?»