ማስተካከያ፦ የ7 − 3x ≤ 19 መልስ

«በፎቶ የላክሁትን የወርክሺት ጥያቄ ፍቱልኝ። በነጌቲቭ ሲባዛ ምልክቱ ለምን ይገለበጣል?»

ቀደም ሲል የሰጠነው መልስ x < −4 ስህተት ነው። ትክክለኛው x ≥ −4 ነው። ይህን ያረጋገጥነው ፎቶውን አጉልተን በማየትና ቁጥር በመተካት ነው።

ስህተቶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ በፎቶው ላይ ጥላ ስላረፈበት ከምልክቱ ሥር ያለችው ሰረዝ አልታየችንም፤ ≤ የነበረውን < ብለን አነበብነው። ሁለተኛ፣ ከሁለቱም ወገን 7 ቀንሰን −3x < 12 ላይ ስንደርስ ለ−3 አካፈልንና ምልክቱን ሳንገለብጥ ቀረን። ለ−3 ማካፈል በ−1/3 ማባዛት ስለሆነ ደንቡ አንድ ነው።

ምክንያቱ በቁጥር መስመር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። 2 ከ5 ያንሳል። ሁለቱን በ−1 ስናባዛ ዜሮን ተሻግረው ወደ ግራ ይዞራሉ፤ ከዜሮ ርቆ የነበረው 5 አሁን በግራ በኩል ይርቃል፤ ስለዚህ −2 ከ−5 ይበልጣል። መቀነስ ግን ሁለቱንም እኩል ስለሚያንሸራትት ቅደም ተከተላቸውን አይነካም። 7ን ስንቀንስ ምልክቱ ያልተገለበጠው ለዚህ ነው።

ደንቡን ማመን ለከበደው ሌላ መንገድ አለ፦ በሁለቱም ወገን 3x ደምሩ፣ 19 ቀንሱ። −12 ≤ 3x ይሆናል፤ ለ3 ሲካፈል −4 ≤ x። ምንም ሳንገለብጥ እዚያው ደረስን።

በ0 ብንፈትሽ 7 ≤ 19 እውነት ነው፤ የቀድሞው መልስ ግን 0ን ያስወጣ ነበር። በ−5 ደግሞ 22 ≤ 19 ይመጣል፤ ሐሰት ነው።

በቀድሞው መልስ የቁጥር መስመር የሣላችሁ፣ −4 ላይ ያለውን ክብ አጥቁሩት፤ ቀስቱንም ወደ ቀኝ አዙሩት።