ዱቄት የሚላክለት ደሞዝተኛ

ዛሬ የማመሰግነው ሰው አለኝ። የወንድሜ ልጅ ነው፤ ዕድሜው 27። ከሁለት ዓመት በፊት ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ያለውን የአባቱን ወፍጮ ቤት ጥሎ፣ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ጣርማበርን ተሻግሮ፣ ላምበረት መናኸሪያ ወረደ። ያን ዕለት ቤተሰባችን ከፍ አለ። እናቱ ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች። “ልጄ አዲስ አበባ ገባ!” አለች። ምን ሊሠራ ገባ ብሎ የጠየቀ የለም። አይጠየቅማ! ቤተ ክርስቲያን የሚሳለምን ሰው ለምን መጣህ ይሉታል እንዴ?

ሥራው ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ተገኘ። አንድ የግል ድርጅት፣ ንብረት ክፍል፣ 18 ሺህ ብር። ቁጥሩ በስልክ እንደደረሰ ሰኞ ገበያ በሙሉ ሰማ። ጤፍ ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ “አሥራ ስምንት ሺህ?” እያለ አፉን ያዘ። ያኔውኑ ለልጁ ሚስት የሚያስቡለት እናቶች ሦስት ደረሱ። ወፍጮ ቤት ሳለ ግን አንድ ጊዜ ሽማግሌ ልከን ነበር። የልጅቷ አባት “ልጁ ምን ይሠራል?” አሉ። “አባቱ ጋ ነው” አልን። “እሺ፣ ሥራ እስኪይዝ እንጠብቃለን” ብለው ሸኙን። ልጁ በዚያ ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ጆንያ ሲሸከም ነበር የዋለው። ሥራ አልያዘም። ጆንያ ነው የያዘው።

የሕዝባችንን ጥበብ ማድነቅ አለብኝ። እኛ ደሞዝ የምንቆጥረው ከላይ ነው፣ ውሉ ላይ የተጻፈውን። እጅ ላይ የሚደርሰውን መጠየቅ የሰው ገበና መክፈት ነው። እኔ ነውረኛ ስለሆንኩ ባለፈው ገና ልጁ ሲመጣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን አቆመ።

ከሐምሌ 2017 ወዲህ በሚሠራበት የግብር ሕግ እስከ 2 ሺህ ብር ያለው ደሞዝ ነፃ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በየደረጃው ከ15 በመቶ ይጀምርና ከ14 ሺህ በላይ ሲሆን 35 በመቶ ይቆረጥበታል። የልጃችን 18 ሺህ ሲሰላ ግብሩ 4,250 ብር መጣ። ጡረታ 7 በመቶ፣ 1,260 ብር። እጁ ላይ የሚደርሰው 12,490። የሰኞ ገበያው 18 ሺህ ገና ከቢሮ ሳይወጣ 5,510 ብር ቀለለ።

ቤቱ አያት ሰፈር ነው፤ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ ኪራዩ 15 ሺህ። ለሦስት ይከፍሉታል፣ በየሰው 5 ሺህ። ሁለቱ መኝታ ክፍል ያድራሉ፤ የእኛ ልጅ ሳሎን ነው። ሥራው ሜክሲኮ ነው፤ ጠዋት በባቡር፣ ባቡሩ ከሞላ ደግሞ በታክሲ። ምሳና ትራንስፖርት አንድ ላይ በቀን 200 ብር ብለን ተስማማን። ልጁ ትንሽ አጉረመረመ፤ ምሳው በዚያ ዋጋ ሽሮ ብቻ ነው አለ። ለ24 የሥራ ቀን 4,800። የቀረው 2,690 ብር።

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ “ቁርስና ራትስ?” አልኩት።

“እሱማ ከቤት ይላክልኛል፣ ጋሼ።”

እውነት ነው፣ ይላካል። በየወሩ 20 ኪሎ የተፈጨ ጤፍ፣ ሽሮና በርበሬ በማዳበሪያ ታስሮ፣ በመርፌ ተሰፍቶ፣ አውቶቡስ ላይ ይጫናል። ላምበረት ሄዶ ይቀበላል። አያት አንዲት ጎረቤት አለች፣ ከዱቄቱ እየተካፈለች እንጀራ ትጋግርላቸዋለች። የቤት ዱቄትም ዋጋ አለው፤ ጤፉን በኪሎ በ130 ብር ብንገምተው 2,600 ብር ነው። ከ2,690 ሲቀነስ 90 ብር ይቀራል። ሽሮውንና በርበሬውን አላሰብኩም፤ ዘጠናዋን እንዳትነካብኝ ብዬ ነው። ጫማ፣ ፀጉር፣ የስልክ ካርድ፣ የባልደረባ ሠርግ መዋጮ፣ ይኸ ሁሉ በዘጠና ብር ይሸፈናል። የአዲስ አበባ ልጅ ብልህ ነው!

እንግዲህ የምስጋናው ፍሬ ነገር ይኸ ነው። ልጁ “ወፍጮ ቤት አያዋጣም” ብሎ ሄደ። ወፍጮ ቤቱ በየወሩ ዱቄት እየሰፋ ይልክለታል። የማያዋጣው የሚያዋጣውን ይቀልባል።

አባቱን ዝም ብዬ ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። እሳቸው ለዚህ ስኬት የደከሙ ሰው ናቸው። ልጃቸው አራት ዓመት ሲሠራላቸው አንዲት ብር ደሞዝ ከፍለውት አያውቁም። እንዴት ይከፍላሉ? “ለገዛ ልጄ ደሞዝ? ሁሉም የሱ አይደል እንዴ!” ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሁሉም የሱ ነው። የመሳቢያው ቁልፍ ብቻ ነው የእሳቸው። አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ፣ ያኔ 24 ዓመቱ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንደነጣ አባቱ ፊት ቆመና ዝቅ ባለ ድምፅ “አባባ፣ የፀጉር” አለ። እሳቸው ቁልፉን ከቀበቷቸው ፈቱ። መሳቢያውን ከፈቱ። ገንዘቡን ሳይሆን ፀጉሩን አዩ። “ባለፈው ሳምንት አልተቆረጥክም?” አሉት። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ።

ልጁ አዲስ አበባ የሄደው ያን ቀን ነው እላለሁ። አውቶቡስ የተሳፈረው በሌላ ጊዜ ቢሆንም።

በጥር አንድ ሰኞ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጬ ወፍጮውን ቆጠርኩት። ወንድም ጋሼ ደስ አላላቸውም። “ወፍጮ ይቆጠራል እንዴ? በረከቱ ይሸሻል” አሉኝ። ለዚህ ነው 20 ዓመት ሙሉ በረከቱ ያለው፤ ደብተር ቤቱን ረግጦ አያውቅም። እኔ ግን ቆጠርኩ። በገበያ ቀን 10 ኩንታል ይፈጫል፤ በኪሎ 5 ብር፣ 5 ሺህ ብር። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ በቀን 4 ኩንታል ገደማ፣ 2 ሺህ። በሳምንት 15 ሺህ፣ በወር 60 ሺህ። መብራት 14 ሺህ ይወስዳል። ለችንጋ፣ ለኩሽኔታና ለድንጋይ በወር 5 ሺህ፣ ለግብርና ለጥቃቅኑ 5 ሺህ ብለን ያዝን። ለረዳቱ 6 ሺህ። 30 ሺህ ቀረ። መብራት የሚጠፋባቸውን ቀናት ስንቀንስ ወደ 24 ሺህ ወረደ። በዚህ ላይ አምስት ሰው ይኖራል፤ ሁለቱ ተማሪዎች ናቸው። ሀብት አይደለም፣ ግን የቆመ ቤት ነው።

አሁን ረዳቱን ልብ በሉልኝ። እሱ የተቀጠረው ልጁ ስለሄደ ነው። ለልጃቸው መክፈል ያሳፈራቸው አባት ለባዕድ 6 ሺህ ብር በየወሩ ይቆጥራሉ፤ አንድ ቀን እንኳ አያዘገዩም። ያንኑ 6 ሺህ ለልጁ ሰጥተውት ቢሆን ኖሮ፣ እራቱም አልጋውም ቤት ውስጥ ስለሆነ ኪሱ ይቀርለት ነበር፤ አያት ሰፈር ከምትተርፈው ዘጠና ብር ጋር ወዳጆቼ አወዳድሩት። ወንድም ጋሼ ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና “እሱማ ገብቶኛል፤ ግን ለልጅ ደሞዝ ሲባል አያምርም” አሉ። አዎ፣ አያምርም። በማዳበሪያ ሲላክ ነው የሚያምረው።

ረዳቱ ታታሪ ነው፣ አላማውም። ችግሩ መውቀር አለማወቁ ነው። የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ ዱቄቱ ራሱ ይነግርሃል። ከመውረጃው ሥር እጅህን ስትዘረጋ ዱቄቱ ይሞቃል፣ ሲዳሰስም ይሻክራል፤ ሞተሩም ማጓራት ይጀምራል። ያኔ መብራቱ ተቆርጦ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ድንጋዩ ወርዶ መወቀር አለበት። ረዳቱ ግን ሁለቱን ድንጋዮች የባሰ ያጠብቃቸዋል። ዱቄቱ ይልማል፤ ግን ያራል። ባለፈው ኅዳር አንዲት ሴትዮ ዱቄታቸውን ይዘው ተመልሰው መጡ። “አቃጠላችሁብኝ! ሊጤ አልቦካ አለ፣ እንጀራዬ ዓይን የለውም!” ብለው ጮኹ። ከዚያ ወዲህ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ወፍጮ ነው የሚሄዱት። ጎረቤቶቻቸውንም ይዘው። ይህ ኪሳራ የልጁ ደሞዝ ውስጥ አልተጻፈም፤ 18 ሺህ ሲባል እንዲያምር ነዋ።

ለልጁ ፍርድ እንስጥ ካልን ሁለት ነገር እውነት አለው። አያት ሳሎን ቢተኛም “የፀጉር” ብሎ ማንንም አይለምንም። ሥራው ላይ ደግሞ ቢሰነብት ደሞዙ ይጨምር ይሆናል፤ ወፍጮው ግን አባቱ እያሉ ለሱ ምንም አይጨምርም። አልተሳሳተም። የተሳሳተው ስሌቱን የሠራለት ሰኞ ገበያ ነው። ወረቀት ያለውን ደሞዝ ብሎ ጠራው፤ ወረቀት የሌለውን ቦዘኔነት።

በገና ማግስት ልጁ ሊመለስ ነው። ካፖርት ለብሷል፤ አባቱ ካፖርቱ ስንት እንደሆነ ጠየቁት፤ እሱም ጠቅላላውን ነገራቸው፣ ከጓደኛው ተውሶት እንደመጣ ግን አልነገራቸውም። እኔ ነኝ የማውቀው፤ እስክሪብቶ ይዘህ ከተቀመጥክ ሰው ብዙ ነገር ይነግርሃል። ከቤት ሊወጣ ሲል ወንድም ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ያ ድንጋይ እኮ ለስልሷል” አሉ፣ ወደ ጦሳ ተራራ እያዩ።

ልጁ ካፖርቱን አውልቆ ለእናቱ ሰጠ። መብራቱን ቆረጠ። ድንጋዩን ከረዳቱ ጋር አወረደው። መዶሻና መውቀሪያ ይዞ ተንበርክኮ ከመሀል ወደ ዳር መስመር በመስመር ይወቅር ጀመር። ሁለት ሰዓት ፈጀበት። መልሶ ገጠመና መጀመሪያ ሁለት ቁና ገብስ ለቀቀበት፤ ያ ዱቄት የድንጋይ ብናኝ ስላለው ለሰው አይሰጥም፣ ለከብት ነው። ከዚያ ጤፍ ገባ። ልጁ ከመውረጃው ሥር እጁን ዘረጋ። ቀዝቃዛ ነው። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ዱቄቱን በጣታቸው እያሹ “እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ!” አሉ። ረዳቱ መዶሻውን ተቀብሎ እንደ አዲስ ነገር አገላበጠው።

ወንድም ጋሼ ቁልፋቸውን ፈቱ። መሳቢያውን ከፈቱ። 500 ብር አወጡና ሳይቆጥሩ፣ ሳያዩት፣ የልጃቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። “ለመንገድ ነው” አሉ ቶሎ ብለው።

ልጁ ከአባቱ ወፍጮ ቤት የተከፈለው የመጀመሪያ የሥራ ዋጋ ይኸ ነው። መናኸሪያ ስንደርስ ሁለት መቶውን ለአውቶቡሱ ረዳት ሰጠ፣ የማዳበሪያው ጭነት ዋጋ።