ውዳሴ አቴንዳንስ

ባለፈው እሁድ ተሳትፌ መጣሁ። በምን ጉዳይ እንደተሳተፍኩ አትጠይቁኝ። መሳተፌን ግን ማንም አይክደኝም፤ ፈርሜያለሁ።

የምኖረው አዲስ አበባ ጫፍ ላይ ነው። የታክሲው ረዳት «መጨረሻ!» ብሎ ካወረዳችሁ በኋላ ባጃጅ ትይዛላችሁ። ባለባጃጁ ጭቃውን አይቶ «ከዚህ አላልፍም» ሲላችሁ ደግሞ በእግራችሁ ትቀጥላላችሁ። እዚያ ነኝ። ቅዳሜ ማታ አንድ ባጃጅ ድምፅ ማጉያ ጭኖ (ያን ቀን ጭቃው አላስቸገረውም) «ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በአካባቢ ልማት ፕላን ላይ ውይይት ስላለ ሁላችሁም እንድትገኙ» እያለ ሰፈሩን ዞረ።

3 ሰዓት ተብሎ 5 ሰዓት ተጀመረ። ቅሬታ የለኝም። ሰው ከሰው ጋር የተወያየው በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ብቻ ነው።

ከዚያ ባለሙያው ካርታውን ግድግዳው ላይ አበራው። እንዴት ያለ ካርታ መሰላችሁ! ቢጫው መኖሪያ ነው፣ ቀዩ ንግድ ነው፣ ጥቁሩ መስመር መንገድ ነው፣ አረንጓዴው ደግሞ አረንጓዴ ነው ተባልን። ከፊት ወንበር አንድ አባት ተነሱ።

«ልጄ፣ የእኔ ቤት የቱ ጋ ነው?»

«አባባ፣ የግል ጥያቄ ለጊዜው እናቆየው። እዚህ የመጣነው ስለ አካባቢው ለመወያየት ነው።»

ልክ ነው። ቤት የግል ጉዳይ ነው። አካባቢ ማለት ቤቶቹ ሲነሱ የሚቀረው ነው።

ካርታው ጥግ ላይ «1 ለ 10,000» ይላል። ይህን ቁጥር የመረጠ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። መሬት ላይ 10 ሜትር የሆነ ቤት እዚያ ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ሰውየው ዕድሜያቸውን የፈጁበት ቤት ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። በ1 ለ 2,000 ቢሆን ኖሮ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የገብስ ቆሎ ያክላል። ያኔ ጥቁሩ መስመር መሐል ላይ ይለፍበት አይለፍበት በዓይን ይታያል። በዓይን የሚታይ ነገር ደግሞ ጥያቄ ያመጣል፤ ጥያቄ ስብሰባ ያስረዝማል። የተጋበዝነው ደግሞ ለውይይት እንጂ ለጥያቄ አይደለም።

እኔም እጄን አወጣሁ። «ሌላ አማራጭ ካርታ አለ?» አልኩ። ባለሙያው ከልቡ ተገረመ። «ይሄ እኮ ያለቀ ነው» አለኝ።

እቤት ስገባ ሼሪ አርንስታይን ትዝ አለችኝ። በአሜሪካ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት በነዋሪ ተሳትፎ ጉዳይ ዋና አማካሪ የነበረች ሴት ናት። በ1969 እ.ኤ.አ. አንድ ጽሑፍ አሳተመች፤ የነዋሪን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል መሰለችው። ታች ያሉት ሁለቱ፣ መጠቀሚያ ማድረግና ማስታመም፣ ተሳትፎ እንኳ አይባሉም። ቀጥሎ ማሳወቅ፣ ማማከርና ማባበል ይመጣሉ። እነዚህ ለይስሙላ ናቸው፤ ትሰማለህ፣ ትናገራለህ፣ የተናገርከው የት እንደገባ ግን የሚነግርህ የለም። ላይኞቹ ሦስቱ አጋርነት፣ የተሰጠ ሥልጣንና የነዋሪው ቁጥጥር ናቸው። እዚያ ላይ ነው ነዋሪው «አይሆንም» ሲል የማይሆነው።

የሴትየዋ መለኪያ ቀላል ነው። ስንት ሰው መጣ ብላ አትጠይቅም። የመጣው ሰው ምን መለወጥ ይችላል ብላ ነው የምትጠይቀው። ከእኛ ባህል ጋር ፈጽሞ አይሄድም።

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 43 ላይ ማኅበረሰባችንን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ሐሳባችንን እንድንሰጥ የመጠየቅ መብት አለን ይላል። በሴትየዋ መሰላል ይህ አራተኛው እርከን ነው። እኛ ግን ትሑት ሕዝብ ነን፤ እስከዚያ መውጣት ስለሚያደክመን ሁለተኛው ላይ አረፍ ብለናል።

ስለ ሁለተኛው እርከን ትንሽ ላውራ። ማስታመም ያለችው በሽተኛው አንተ ነህ ተብለህ የምትታከምበትን ነው። ምሳሌዋ ከፔንሲልቬንያ ነው። አንድ አባት በጠና የታመመ ሕፃን ልጁን ሆስፒታል ይወስዳል። ሐኪሙ ስኳር በውሃ አጠጣው ብሎ ወደ ቤት ይመልሰዋል። ልጁ በዚያው ቀን ከሰዓት ሞተ። አባትየው ለአካባቢው ቦርድ አቤት አለ። ቦርዱ ሆስፒታሉን አልመረመረም። አባትየውን የልጅ አያያዝ ትምህርት እንዲከታተል ጋበዘው።

ባለፈው ክረምት እኛ ሰፈር አዲሱ መንገድ ሲሠራ የጎርፍ መውረጃው በአፈር ተደፈነ። ውሃው መውጫ ሲያጣ በታችኛው መስመር ባሉ ቤቶች ገባ። አንዲት ጎረቤቴ ፍራሿን፣ የልጆቿን ደብተርና አንድ ጆንያ እህል አጣች። ሄዳ አመለከተች። በሳምንቱ ተጠራች፤ «ቆሻሻን በአግባቡ ስለማስወገድ የግንዛቤ ማስጨበጫ» ነበር የጠበቃት። ይህን ስጽፍ ሽሙጡ ከአፌ ይጠፋል። ሴትዮዋ ግንዛቤ አልጎደላትም። ውሃው ለምን እንደገባ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ በባልዲ ስትቀዳው አድራለች! መውረጃውን የደፈነ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ እሷን ስለ ፌስታል ያስተምራታል። ነውር ነው። ሌላ ስም የለውም።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ወደ አቴንዳንሱ።

ስብሰባው እንደተጀመረ ወረቀቱ መዞር ጀመረ። ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ስልክ፣ ፊርማ። ከእኔ ጎን የተቀመጡት እናት መነጽራቸውን ረስተው ስለመጡ እኔ ጻፍኩላቸው። ሲያዩኝ ከኋላ ያሉት ደግሞ «የእኔንም» አሉኝ፤ የስድስት ሰው ፀሐፊ ሆንኩ። አንድ ጎረምሳ በእናቱ ስም ፈረመ። የእናቱን ስም ሲያይ የአክስቱ ትዝ አለው፣ ለእሷም ፈረመ። አንዱ አርፍዶ ገብቶ ወረቀቱ ካለፈው በኋላ ስለደረሰ በጣም ተጨነቀ፤ ስለ መንገዱ አልጠየቀም፣ ስለ ወረቀቱ ነው የጠየቀው። ወረቀቱ ወደ ኋላ እንዲመለስለት ውይይቱ ለጥቂት ደቂቃ ቆመ። ሰብሳቢው ራሳቸው «ሳይፈርም የሚወጣ እንዳይኖር» ብለው ሦስት ጊዜ አሳሰቡ። «ሳይናገር የሚወጣ እንዳይኖር» ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። ቀጥሎ ሁለተኛ ወረቀት መጣ። ይሄ ደግሞ ለውሃው ነው ተባለ። አንድ ሃይላንድ ውሃ ለመውሰድ ሌላ ፊርማ። ውሃውን ትቼ ልውጣ ብዬ ነበር፤ «ለሂሳብ ማወራረጃ ነው፣ ውሃውን ባትጠጣውም ፈርምልን» ተብዬ ያልጠጣሁትን ውሃ ፈረምኩ። ሰውዬው ቤታቸው የት እንዳለ ሳያውቁ፣ እኔ አማራጭ መኖሩን ሳላውቅ፣ አክስትየው ስብሰባ መኖሩን ሳታውቅ ሁላችንም እኩል አንድ አንድ መስመር ይዘናል። ከዚህ በላይ እኩልነት የት ይገኛል?

የወረቀቱ ትልቁ ጥበብ ግን አናቱ ላይ ነው። «የውይይቱ ርዕስ፦» ይላል፤ ከዚያ ባዶ መስመር። «የተደረሰበት ስምምነት፦» ይላል፤ ሌላ ባዶ መስመር። መገኘታችንን ነው የፈረምነው። ቃለ ጉባኤው ሲጻፍ ግን ይኸው ወረቀት አባሪ ይሆንና መገኘቱ መስማማት ይሆናል። ስብሰባው ላይ ተነስቶ የጮኸም፣ ተኝቶ ያንኮራፋም፣ አክስትየውም «በሙሉ ድምፅ» ውስጥ አሉበት።

በነገራችን ላይ ተወካዮችም መርጠናል። አምስተኛውን እርከን፣ ማባበልን፣ የረሳነው እንዳይመስላችሁ። ኮሚቴው አሥራ አንድ ሰው ነው፤ አምስት ከነዋሪ፣ ስድስት ከመሥሪያ ቤት። አምስቱም የሚከበሩ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ በመከበራቸው ነው የተመረጡት። አምስቱ በአንድ ልብ እጃቸውን ቢያወጡ እንኳ አምስት ናቸው። ሴትየዋ ሰባተኛው እርከን ላይ ለመድረስ አብላጫ ወንበር ወይም ውሳኔ የማገድ መብት ያስፈልጋል ትላለች። ስድስተኛው ላይ ለመቆም ደግሞ ነዋሪው የራሱ ገንዘብ፣ የራሱ ቀጥሮ የሚያሰናብተው ባለሙያ ቢኖረው ይሻላል ትላለች። ማለትም ካርታውን ለእኛ የሚያነብልን፣ ደመወዙን ከእኛ የሚቀበል አንድ የፕላን ሰው። ይህን ሐሳብ አዳራሹ ውስጥ ባነሳው ኖሮ «ጎበዝ፣ ለመሆኑ ከማን ጋር ነህ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም ነበር።

የሚገርመው እነዚያው ሰዎች እድር ላይ ሌላ ሰዎች ናቸው። ዳኛውን ይመርጣሉ፣ ይሽራሉ። ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ይዞ ይመጣል፤ ኦዲተር ይቆጥራል። ባለፈው ዓመት ድንኳን ለመግዛት ሦስት ስብሰባ ተደርጓል፤ ከሦስት ሻጭ ዋጋ ተጠይቋል፤ የሸራው ውፍረት በጣት ተለክቷል። መነጽራቸውን የረሱት እናት «ማዕዘኑ ላይ ድርብ ስፌት ከሌለው አልፈርምም» ብለው ግዢውን አንድ ወር አዘግይተዋል። ድርብ ስፌት ሆኖ መጣ። ስምንተኛው እርከን ላይ በየወሩ በነጠላና በጋቢ ይወጣሉ፤ እሁድ አዳራሽ ሲገቡ ግን ጫማቸውን በር ላይ እንደሚያወልቅ ሰው መሰላሉን ውጭ ትተው ይገባሉ።

አርንስታይን ጽሑፏ ላይ የፈረንሳይ ተማሪዎችን አንድ ፖስተር አስገብታለች። ግስ ማርባት ብቻ ነው። ወደ እኛ ሲመጣ እንዲህ ይሆናል፦ እሳተፋለሁ፣ ትሳተፋለህ፣ ይሳተፋል፣ እንሳተፋለን፣ ትሳተፋላችሁ፣ ይጠቀማሉ።

ስወጣ ወረቀቱን የሚሰበስበው ልጅ በር ላይ ቆሞ ነበር። ትሑት ልጅ ነው። እስክሪብቶ በእጄ ስለነበረ «ይሄ ርዕሱ ባዶ ነው፣ ልሙላልህ?» አልኩት።

«ኧረ አትድከም ጋሼ» አለኝ። «እሱን ቢሮ ስንገባ እኛ እንሞላዋለን።»