ቢጫው አሸነፈ

እኔ ማስታወቂያ ጽፌ የማድር ሰው ነኝ፤ የአለቆቻችንን ጥበብ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው። ድሮ ማስታወቂያ የሚጻፈው በግምት ነበር። ዛሬ ተመስገን ነው፣ በመረጃ ሆኗል። ሁለት ዓይነት ይሠራል፣ ግማሹ ሰው አንዱን ግማሹ ሌላውን ያያል፣ ካሸነፈው ተነስቶ ቀጣዩ ይጻፋል። ኤ ቢ ቴስት ይሉታል።

እንደኛ ጋሼ ግን የሚያውቅበት የለም።

ጋሼ የምሠራበት ሱቅ ባለቤት ናቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንሸጣለን። በቀደም ፌስቡክ ላይ ሁለት ማስታወቂያ አወጣን። «ሀ» ነጭ ነው፤ «መብራት የሚቆጥብ ምጣድ፣ 6,500 ብር፣ የ1 ዓመት ዋስትና» ይላል። «ለ» ቢጫ ነው፤ «እንጀራዎ ዓይን አላወጣ አለ? መፍትሔው እኛ ጋ ነው!» ይልና ከታች «ዋጋ በውስጥ መስመር»። ቀለሙም፣ ርዕሱም፣ ዋጋውም ባንዴ ተለወጠ። ብልህነት ማለት ይኼ ነው! ሰነፍ ሰው ቢሆን አንዱን ብቻ ለውጦ ሌላውን እንዳለ ይተወውና ልዩነት ሲመጣ ከምን እንደመጣ ይታወቅበታል። እኛ ሦስቱንም ስለቀየርን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ምክንያት ይዘን ኮራን። ጋሼ ቀለሙ ነው አሉ። እኔ ርዕሱን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ርዕሱ ነው አልኩ።

ሙከራው 7 ቀን እንዲቆይ ነበር የታሰበው። በሁለተኛው ቀን፣ ቡናው ቶና ላይ እንዳለ፣ ጋሼ ስልካቸውን ከፈቱ። ሁለቱንም እኩል 1,000 ሰው አይቷቸዋል። «ሀ»ን 12 ሰው ነክቶታል፣ «ለ»ን 19። «በቃ፣ ቢጫው አሸነፈ! ዝጉት» አሉ። በ58 በመቶ በለጠ ተብሎም ተጻፈ፤ 7 ሰው ከማለት 58 በመቶ ማለት እንዴት እንደሚያምር!

ሒሳብ የምትይዘው ልጅ ግን አታርፍም። «ጋሼ፣ ሁለቱን ይደምሯቸው፣ 31። የ31 ስኩዌር ሩት 5.6 አካባቢ ነው፣ እጥፉ 11። ልዩነቱ ከ11 ካልዘለለ እንዲሁ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ የኛ 7 ነው» አለች። ሳንቲም 31 ጊዜ ዘውድና ጎፈር ብንጥል እንኳን ይህን ያህል ወይም ከዚህ የባሰ መበላለጥ ከአራቱ ሙከራ ባንዱ ያህል እንደሚመጣም ነገረችን። በዚያ ላይ ሁለት ሯጮች አንዴ ይኼ አንዴ ያ እየቀደመ ሲሮጡ፣ የወደድነው የቀደመ ጊዜ ጠብቀን ፊሽካ ከነፋን ሁሌም እሱ ያሸንፋል አለች። ጋሼ በትዕግሥት ሰሟት፤ ከዚያ «አንቺ ልጅ፣ ነጋዴ አትሆኚም» አሏት።

የሽያጩን ነገር ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር። ከ«ሀ» 12 ሰዎች 4ቱ ምጣድ ገዙ፤ ከ«ለ» 19 ሰዎች 1። እርግጥ 4 እና 1 ራሳቸው ኢምንት ናቸው፣ አልምልባቸውም። ስልክ የምታነሳዋ እህታችን የነገረችኝ ግን ይበልጥብኛል፦ በቢጫው የመጣው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ፣ ሰምቶ፣ «እሺ እደውላለሁ» ብሎ ይዘጋል። ዋጋ የደበቀ ማስታወቂያ ይነካል እንጂ፤ ሰው ዋጋ ለማወቅ ሌላ ምን ያድርግ! በነጩ የመጣው ደግሞ 6,500ውን አይቶ፣ ተስማምቶ፣ የሱቁን አድራሻ ነው የሚጠይቀው።

እንግዲህ ቀጣዩ ጽሑፍ ከዚህ መነሳት ነበረበት። ቀለሙም ርዕሱም አንድ ሆኖ፣ አንዱ ላይ ዋጋ ተጽፎ አንዱ ላይ ሳይጻፍ ወጥቶ፣ 7 ቀን ሙሉ ሳይነካ ቆይቶ፣ የተነካው ሳይሆን የተሸጠው ቢቆጠር ለሦስተኛው ጽሑፍ አንድ የተጨበጠ ነገር ይዘን እንነሳ ነበር። ግን ይኼ ለቸኮለ ሰው አይሆንም። ጋሼ ያዘዙት ቀጣዩ ማስታወቂያ ቢጫው ጠቆር ያለ፣ ዋጋ የሌለው፣ ምጣዱም ራሱ የማይታይበት ነው። «ጉጉት ይፍጠር» ብለው።

እኔም ትንሽ ጉጉት ፈጠርኩ። ያንኑ አዲሱን ቢጫ ምንም ሳልነካ «ሐ» እና «መ» ብዬ ሁለት ጊዜ አወጣሁት። ነጠላ ሰረዝ እንኳን አልቀየርኩም። በማግስቱ «ሐ» 14፣ «መ» 21 ሆኖ አደረ። ጋሼ ሁለቱን ስልካቸው ላይ ጎን ለጎን አድርገው፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ብዙ ተመለከቱ።

«አየህ፣» አሉኝ፣ «መ ላይ ቢጫዋን በደንብ አግኝተሃታል።»